አምስት ብዬ ሦስት ለካሁ

በዚህ ሴሚስተር ከነርሲንግ ትምህርቴ ጎን አንድ የማርኬቲንግ ኮርስ ወስጄ ነበር። የቤት ሥራው መጠይቅ ሳንበትን፣ የታተሙ ጥናቶችን ብቻ አንብበን የአንድን ምርት ብራንድ ኢኩዊቲ እንዴት መለካት እንደሚቻል ማሳየት ነው። እኔ ታይሌኖልን መረጥኩ። ውስጡ ያለው መድኃኒት፣ ብዙዎቻችን ፓራሲታሞል የምንለው፣ ሱቆች በራሳቸው ስም በርካሽ ከሚሸጡት ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ሰው ጨምሮ የሚከፍለው በአብዛኛው ለስሙ ነው። ብራንድ ኢኩዊቲ የሚባለውም ስሙ በምርቱ ላይ የሚጨምረው ይህ ዋጋ ነው።

ረቂቄ ሲመለስ ዳር ላይ አንድ ጥያቄ ተጽፎበት ነበር፦ «አምስት ብለሽ ሦስት ለካሽ፤ ሁለቱ የት ሄዱ?»

ትርጉሙን የወሰድኩት ከዴቪድ አከር የ1991 መጽሐፍ ነው። እሱ አምስት ክፍሎች ይዘረዝራል፦ ስሙን ማወቅ፣ ስሙ ሲነሣ በአእምሮ የሚመጣው ነገር፣ ገዢው አለው ብሎ የሚያምነው ጥራት፣ ታማኝነት፣ በመጨረሻም እንደ ንግድ ምልክትና ፓተንት ያሉ የድርጅቱ ንብረቶች። መለኪያውን ግን የወሰድኩት ከዮ እና ዶንቱ የ2001 ጥናት ነው። የእነሱ አሥር ጥያቄዎች የሚለኩት ሦስት ክፍል ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመላሾቹ መልስ ውስጥ ተለይተው ስላልወጡ ወደ አንድ ተዋሃዱ። አምስተኛው ደግሞ ገዢ ተጠይቆ የሚመልሰው ስላልሆነ ቀረ። ስህተቴ ሦስት መለካቴ ሳይሆን ይህን አለመጻፌ ነበር።

ሁለተኛው ረቂቅ ላይ ለእያንዳንዱ ጥናት አንድ መስመር ሰጠሁ፦ ክፍሉን እንዴት ተረጎመው፣ በምን ጥያቄ ለካው፣ ማንን ጠየቀ። ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። «ራስሽን ሲያምሽ የትኛው መድኃኒት ትዝ ይልሻል?» ብሎ መጠየቅና ዝርዝር አሳይቶ «ይህን ታውቂዋለሽ?» ማለት አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ይቀላል፣ ውጤቱም ከፍ ይላል። ታማኝነትም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ታይሌኖልን ደጋግሞ የሚገዛው ሰፈሩ ያለው ሱቅ ሌላ ስለሌለው ሊሆን ይችላል። ዮ እና ዶንቱ «ሌላው ምርት በምንም ባይለይም ይህንኑ ትመርጣለህ?» የሚሉ ዓይነት ጥያቄዎችን ለብቻቸው ያስቀመጡት ውጤቱን ስለሚለኩ ነው። ከክፍሎቹ ጋር ከተደመሩ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል።

በመጨረሻ ከመጠይቅ ይልቅ ግዢን የተመለከተ ጥናት ጨመርኩ። በ2015 ብሮነንበርግና ባልደረቦቹ ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት፣ ተራው ገዢ የራስ ምታት መድኃኒት ሲገዛ 26 በመቶ ያህል ጊዜ ታዋቂውን ስም ይመርጣል፤ ፋርማሲስቶች ግን 9 በመቶ ያህል ብቻ። ውስጡን የሚያውቅ ሰው ለስሙ ብዙም አይከፍልም ማለት ነው። ሆኖም ጥናቱ የሚለካው የስሙን ጠቅላላ ጉልበት ነው፤ ጉልበቱ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ አይነግረንም። ይህን ገደብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አስረከብኩ።