የ60 ደቂቃው ገደብ የማይደርስበት ቦታ
የወጣቶችን አካውንት የሚቆጣጠሩ ወላጆች የሚያዙት የትኛውን ክፍል ነው?

አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ በስልኳ ቲክቶክ ትጠቀማለች እንበል። ወላጆቿ የቀን ገደቡን በ60 ደቂቃ ወስነዋል፤ Restricted Mode የተባለውንም መቆጣጠሪያ ከፍተዋል። ከዚህ በኋላ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስላቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህ ሁለት መቆጣጠሪያዎች በአሠራሩ ውስጥ በየትኛው ቦታ እንደሚያርፉና የትኛውን ክፍል ፈጽሞ እንደማይነኩት ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ወይ ራሳቸው በዚህ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ወይ ለታናናሾቻቸው ስልክ እንዲያስተካክሉ በወላጆቻቸው የሚጠየቁ ናቸውና ነገሩ በሁለቱም ወገን ይመለከታቸዋል። ከብዙዎቹ አገልግሎቶች መካከል ቲክቶክን የመረጥነው ስለ ውስጣዊ አሠራሩ በአደባባይ የወጣ መረጃ ስላለ ነው።

ተጠቃሚው ቲክቶክን ሲከፍት የሚያገኘው For You የተባለው የቪዲዮ ሰልፍ፣ በተለምዶ ፊድ የሚባለው፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ዝርዝር አይደለም። በመጀመሪያ ከእጅግ ብዙ ቪዲዮዎች መካከል ዕጩዎች ይሰበሰባሉ። ቀጥሎ ለዚያ ተጠቃሚ መታየት የሌለባቸው ይወገዳሉ። በመጨረሻም ለቀሩት ነጥብ ተሰጥቶ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ወደ ፊት ይሰለፋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ከኩባንያው የውስጥ ሰነድ አግኝቶ ያሳተመው ቀመር፣ ምንም እንኳ ለማስረዳት ያህል የቀለለ ቢሆን፣ የነጥቡን አሰጣጥ እንደሚከተለው ያሳያል፦

```
S = Plike×Vlike + Pcomment×Vcomment
  + Eplaytime×Vplaytime + Pplay×Vplay
```

እዚህ ላይ P ማለት ተጠቃሚው ያንን ድርጊት የመፈጸሙ ዕድል ነው፤ ላይክ የማድረግ፣ አስተያየት የመጻፍ፣ ቪዲዮውን የማጫወት ዕድል ማለት ነው። E ደግሞ ቪዲዮው ላይ ይቆያል ተብሎ የሚጠበቀው ጊዜ ነው። V ለእያንዳንዱ ድርጊት ኩባንያው የሚሰጠው ክብደት ነው። የክብደቶቹ ዋጋ በይፋ አልወጣም፤ ስለዚህ ለስሌት ያህል ብቻ የራሳችንን ቁጥሮች እንውሰድ። ለላይክ 2፣ ለአስተያየት 3፣ ለእያንዳንዱ የቆይታ ሰከንድ 0.1፣ ለማጫወት 1 ይሁን።

ተማሪያችን የሒሳብ ትምህርት የሚሰጥ ቪዲዮ ትወዳለች። ላይክ የማድረግ ዕድሏ 0.10፣ አስተያየት የመጻፍ 0.01፣ የማጫወት 0.5፣ የምትቆይበትም ጊዜ 12 ሰከንድ ነው። ነጥቡ 0.20 + 0.03 + 1.2 + 0.5 = 1.93 ይሆናል። ሌላው ቪዲዮ ምግብ በመተው ሰውነትን ስለማቅጠን የሚናገር ነው። ይህንን አትወደውም፤ ላይክ የማድረግ ዕድሏ 0.02 ብቻ ነው። ነገር ግን ዓይኗን ስለሚይዘው 28 ሰከንድ ትቆይበታለች፤ አስተያየት የመጻፍ ዕድሏ 0.02፣ የማጫወት ዕድሏም 0.8 ነው። ነጥቡ 0.04 + 0.06 + 2.8 + 0.8 = 3.70 ይሆናል። የጠላችው ቪዲዮ ከወደደችው በእጥፍ ገደማ በልጦ ከፊት ተሰለፈ። ቁጥሮቹን አንባቢ እንደፈለገ ቢለዋውጣቸውም፣ ለቆይታ የሚሰጠው ክብደት ከፍ ያለ እስከሆነ ድረስ ውጤቱ በዚሁ አቅጣጫ ይሄዳል። ቀመሩ የሚለካው ፍላጎትን ሳይሆን ዓይን የቆየበትን ጊዜ ነውና።

አሁን ወደ ጊዜ ገደቡ እንመለስ። ቲክቶክ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ተጠቃሚዎች ሁሉ የ60 ደቂቃ ገደብ አስቀድሞ እንደሚከፈትላቸው ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ነው። ነገር ግን ከ13 እስከ 17 ዓመት ያለ ተጠቃሚ 60 ደቂቃው ሲሞላ የይለፍ ቁጥር አስገብቶ መቀጠል ይችላል፤ ወላጅ በመሐል ካልገባ ቁጥሩን የሚያውቀው ልጁ ራሱ ነው። የኬንታኪ ግዛት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 በኩባንያው ላይ ባቀረበው ክስ ውስጥ ተሸፍኖ መቅረት የነበረበት ክፍል ለጋዜጠኞች ሊነበብ ችሎ ነበር። በዚያ መሠረት ኩባንያው መሣሪያውን ሲሞክረው የወጣቶቹ የቀን አጠቃቀም ከ108.5 ደቂቃ ወደ 107 ደቂቃ ገደማ ብቻ ዝቅ ብሏል። ኩባንያው በበኩሉ ሰነዶቹ ተቆራርጠው፣ ከዐውዳቸውም ወጥተው ቀርበዋል ሲል መልሷል። አንድ ደቂቃ ተኩል! በቤተ ሙከራችን ተማሪ እንዲህ ያለ ለውጥ ይዞ ቢመጣ መሣሪያህን እንደገና አስተካክል እንለው ነበር።

በእርግጥ የይለፍ ቁጥሩን ወላጅ ከያዘው ነገሩ ይለወጣል፤ 60 ደቂቃው እውነተኛ 60 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ለእንቅልፍና ለጥናት የሚሆን ጊዜ ያተርፋልና የሚናቅ አይደለም። ሆኖም የሚለወጠው የቆይታው ርዝመት ብቻ ነው። ከላይ ባለው ቀመር ውስጥ «የቀን ገደብ» የሚባል ተለዋዋጭ የለም። ዎልስትሪት ጆርናል እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ባወጣው ምርመራ እንደ ሰው ቪዲዮ የሚመለከቱ በኮምፒውተር የሚንቀሳቀሱ አካውንቶችን ከፍቶ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በሐዘን ነክ ቪዲዮዎች ላይ ብቻ እንዲቆይ ታዘዘ። በድምሩ 36 ደቂቃ ያህል ከተመለከተ በኋላ ከሚቀርቡለት ቪዲዮዎች 93 በመቶው ስለ ሐዘን ወይም ስለ ድብርት ሆኑ። ኩባንያው ሰው እንደዚህ አካውንት በአንድ ነገር ላይ ብቻ አይቆይም ብሎ ተከራክሯል፤ ክርክሩም መሠረት አለው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ስለ ሐዘንና ስለ ከፍተኛ የምግብ ቅነሳ የሚናገሩ ቪዲዮዎች በተከታታይ እንዳይደረደሩ የሚያደርግ ሙከራ መጀመሩንም አስታውቋል። ያም ሆኖ 36 ከ60 እንደሚያንስ ማንም ያያል። ፊዱ ቅርጽ ለመያዝ የሚያስፈልገው ጊዜ ከአንድ ቀን ገደብ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

Restricted Mode የሚያርፈው ከነጥብ አሰጣጡ በፊት፣ በማስወገዱ ደረጃ ላይ ነው። ለሁሉም አይስማማም ተብሎ የተለየ ቪዲዮ ለውድድር ሳይቀርብ ይወጣል። ስለዚህ ይህ መቆጣጠሪያ ከጊዜ ገደቡ ይልቅ ወደ ፊዱ ልብ የቀረበ ነው። ድክመቱ የሚያወጣው አስቀድሞ የተለየውን ብቻ መሆኑ ነው። ዕርቃን ወይም ደም የሚያሳይ ቪዲዮ ለመለየት ይቀላል። «ዛሬ ቀኑን ሙሉ የበላሁት ይህን ብቻ ነው» እያለች ባዶ ሳሕን የምታሳይ ልጅ ግን ምን ተብላ ትለያለች? እንዲህ ያለው ቪዲዮ አንድ ጊዜ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ የሚጎዳው በቀን 40 ጊዜ ሲደጋገም ነው። ማጣሪያው የሚመረምረው ነጠላውን ቪዲዮ እንጂ ድግግሞሹን አይደለም።

ወላጅ የማይፈልጋቸውን ቃላት መዝግቦ እነርሱን የያዙ ቪዲዮዎች እንዳይቀርቡ የማድረግ ዕድልም አለው። እዚህ ላይ የአማርኛ ተጠቃሚ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሐዘን፣ ሀዘን፣ ኀዘን ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ የፊደል ተርታዎች ናቸው። «በሐዘን» እና «ሐዘኗ» ሲጨመሩ ደግሞ አምስት ሆኑ። በላቲን ፊደል የሚጻፈውን አማርኛ ገና አልቆጠርንም። ፊደልን ከፊደል የሚያመሳስል ማጣሪያ አንዱን ይዞ ሌሎቹን ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ቃሉን በሚጻፍባቸው መልኮች ሁሉ መመዝገብ ይገባል። በቃል የተነገረና በጽሑፍ ያልተቀመጠ ነገርም በዚህ መንገድ ላይያዝ ይችላል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የቆመው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ አካውንቱ ሲከፈት በተመዘገበው የትውልድ ቀን ላይ። በአገራችን ይህ ቁጥር የሚሳሳትበት ቀላል መንገድ አለ። ተማሪያችን የተወለደችው በጥር 2004 ዓ.ም. ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ጥር ወር 14 ዓመት ሞላት። ዕድሜዋን ለማጭበርበር ምንም ሳታስብ 2004 ብላ ሞላች። ቲክቶክ የሚቆጥረው ግን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው፤ በዚያ ጥር 2004 ማለት 2012 ነበር። ስለዚህ አካውንቱ የተከፈተው የ22 ዓመት ሴት ተብሎ ነው። አስቀድሞ የሚከፈተው የ60 ደቂቃ ገደብ አይኖርም፤ ለአዋቂዎች ተብለው የተለዩ ቪዲዮዎችም ለውድድር ይቀርባሉ።

ስሕተቱን ለማወቅ አንድ ቀላል ምልክት አለ። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ተጠቃሚዎች ቀጥተኛ መልእክት መላላክን አይፈቅድም፤ አካውንታቸውንም አስቀድሞ የግል ያደርገዋል። የ14 ዓመቷ ልጅ መልእክት ስትላላክ ከታየች፣ የተመዘገበው ዕድሜ እውነተኛው አይደለም። የትውልድ ቀኑን ተጠቃሚው እንደፈለገ ሊለውጠው ስለማይችል በእርዳታ ክፍሉ በኩል እርማት መጠየቅ ያስፈልጋል። ገና ብዙ ያልተጠቀመችበት ከሆነ ግን በትክክለኛው ቀን አዲስ አካውንት መክፈት ይቀላል።

ዕድሜው ከተስተካከለ በኋላ ወላጅ የራሱን አካውንት ከልጁ ጋር ያገናኛል። በሁለቱም ስልኮች Settings and privacy ውስጥ Family Pairing ይከፈታል፤ አንዱ Parent፣ ሌላው Teen ይመርጥና በስልክ ካሜራ የሚነበበውን የካሬ ኮድ በማንበብ ይተሳሰራሉ። ከዚህ በኋላ የጊዜ ገደቡም፣ Restricted Mode ም፣ የቃላት ማጣሪያውም ከወላጁ ስልክ ይታዘዛሉ። ማስተሳሰሩ ግን ከአካውንቱ ጋር እንጂ ከስልኩ ጋር አይደለም። ልጅቷ ሁለተኛ አካውንት ከከፈተች ወይም በወንድሟ ስልክ ከተመለከተች መቆጣጠሪያው አይከተላትም። በአንድ ስልክና በአንድ አካውንት ሦስት ልጆች በሚጠቀሙበት ቤት ደግሞ ፊዱ የማንን ዓይን እንደሚከተል ለማንም ግልጽ አይሆንም።

ነጥብ አሰጣጡን በቀጥታ የሚነካው ልጅቷ ራሷ የምትሰጠው ምልክት ነው። ቪዲዮውን ተጭኖ በመቆየት Not interested ማለት ይቻላል። Content preferences ውስጥ ደግሞ Refresh your For You feed የሚለው አለ፤ ይህ ፊዱን እንደ አዲስ ተጠቃሚ ከመጀመሪያ ያስጀምረዋል። ሁለቱም በወላጅ የይለፍ ቁጥር የሚሠሩ አይደሉም፤ ልጅቷ ካልፈለገች አይሠሩም። ደግሞም ከታደሰ በኋላ በዚያው ዓይነት ቪዲዮ ላይ ከቆየች ፊዱ ወደነበረበት ይመለሳል።

የተደረገው ነገር መሥራቱን ለማወቅ መለካት ይቻላል። ወላጅና ልጅ አብረው ተቀምጠው የመጀመሪያዎቹን 30 ቪዲዮዎች ይቁጠሩ፤ ከእነዚህ 12ቱ ስለ ማቅጠን ናቸው እንበል። ፊዱን አድሰው ከሳምንት በኋላ እንደገና 30 ይቁጠሩ። እንዲህ ያለ ቆጠራ በአጋጣሚ ብቻ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የ12ቱ ስሕተት የ30 × 0.4 × 0.6 ካሬ ሥር፣ ማለትም 2.7 ያህል ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ጊዜ 9 ቢገኝ ምንም ተለወጠ ማለት አይቻልም፤ በማግስቱም ተጨማሪ 30 መቁጠር ያስፈልጋል። 3 ብቻ ከተገኘ ግን ሰልፉ በእርግጥ ተለውጧል ለማለት በቂ ምክንያት አለን።