ከክፍል ለቀረ ጓደኛ ማጠቃለያ ስንጽፍ

ለቡና ለቀማ ደዶ የሄደ ጓደኛ የቡና እርጥበት ትምህርት አመለጠው እንበል። ከቅጂው የተገለበጠው ጽሑፍ እጃችሁ ላይ አለ። የመምህሩን የመጀመሪያ ትርጉም ቃል በቃል ጻፉ፦ በእርጥብ መሠረት፣ ውሃው ለጠቅላላው ክብደት ይካፈላል። ምሳሌውን ወዲያው አስከትሉ፤ 100 ግራም ቡና 20 ግራም ውሃ ካለው 20 በመቶ ነው። ከዚያ ሁለተኛው ይምጣ፦ በደረቅ መሠረት፣ ውሃው ለደረቁ ክፍል ብቻ ይካፈላል፤ ያው ቡና 25 በመቶ ይሆናል።

ትርጉሞቹን ከላይ፣ ምሳሌዎቹን ከታች ከሰበሰባችሁ የቱ ቁጥር የየትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል። ሦስተኛው ምሳሌ፣ እስከ 11 በመቶ ማድረቅ፣ የቆመው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ደረቁ 80 ግራም 89 በመቶ እንዲሆን 80 ለ0.89 ይካፈላል፣ 90 ግራም ገደማ። 25ን ይዞ ከገባ ደረቁን 75 ብሎ 84 ያወጣል። ቀልዱንና ድግግሞሹን ጣሉ፤ «ልብ በሉ» ያሉትን ግን አስቀሩለት።