የሆስፒታል መውጫ ወረቀትን ስለ ማሳጠር

ጥያቄ፦ አባቴ በልብ ድካም ታክመው ሲወጡ የተሰጠንን አራት ገጽ ወረቀት ለእናቴ እንዴት ላሳጥረው?

መልስ፦ የሕማሙን ታሪክ ለሐኪም ትተው፣ አስቀድመው የመድኃኒቱን ዝርዝር ከቀድሞው ጋር አስተያይተው፣ የተጨመረውን፣ የተለወጠውንና የተቋረጠውን ይለዩ፤ በቤት የተረፈው አሮጌ ክኒን ከአዲሱ ጋር ሲዋጥ ስሕተት ይፈጠራልና። «ፉሮሰማይድ 40 ሚሊ ግራም በቀን 1 ጊዜ» የሚለውም፣ ፍሬው ባለ 40 መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ «ውሃ የሚያሸና ክኒን፣ ጧት አንድ» ተብሎ ይጻፍ።

ቀጥሎም፣ አባትዎ ዘወትር ጧት ከሽንት በኋላ ቁርስ ሳይቀምሱ እንዲመዘኑ፣ ክብደታቸው በ3 ቀን 2 ኪሎ ቢጨምር ውሃ መጠራቀሙን ስለሚያመለክት ለሐኪም እንዲነገር፣ ተኝተው መተንፈስ ቢያቅታቸው ግን በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል እንዲወሰዱ ይጻፍ። ያልተነበበ ቃል ቢኖር ሐኪሙ ይጠየቅ እንጂ በግምት አይሞላ።