ለደንበኛ የምስጋና ስጦታ፦ መጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ ዋጋው፣ በመጨረሻ ዕቃው

በዲሴምበር አጋማሽ በሄይዋርድ ያለ አንድ ትንሽ የሂሳብና የታክስ ቢሮ ለደንበኞቹ ሁሉ የቅቤ ብስኩት በቆርቆሮ ሣጥን ላከ እንበል። ሣጥኑ ያምራል፣ ካርዱም በእጅ የተጻፈ ነው። ነገር ግን ከደንበኞቹ ግማሽ ያህሉ ኦርቶዶክስ ሐበሾች ናቸው፤ ብስኩቱ የደረሳቸውም በነቢያት ጾም መሃል ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀበሉ፣ ለጎረቤት ልጆችም ሰጡት። ማንም አልተቆጣም። ቢሮው ግን ገንዘቡን አውጥቶ ያተረፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደንበኞቹን በደንብ እንደማያውቃቸው አሳወቀ።

ከኛ መካከል ቢዝነስ የጀመራችሁ፣ ወይም የወላጆቻችሁን ቢሮ፣ የጽዳት ድርጅት ወይም ሱቅ የምታግዙ ብዙ ስለሆናችሁ፣ በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ቢሮ እንደ ምሳሌ ይዘን ስጦታውን ከባዶ እናቅዳለን። አብዛኛው ሰው ዕቃ መርጦ፣ ዋጋውን አይቶ፣ በመጨረሻ ቀን ያስባል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት።

ቀኑ

የአሜሪካ ቢዝነሶች ስጦታ የሚልኩት ከታንክስጊቪንግ እስከ ፈረንጅ ገና ባለው ጊዜ ነው። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ቀን ነው፤ ይህም እንደ ዓመቱ ኖቬምበር 24 ወይም 25 ማለት ነው። የሚፈታው ደግሞ ጃንዋሪ 7 ነው። ስለዚህ የፈረንጆቹ የስጦታ ወቅት ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል በጾማችን ውስጥ ይወድቃል። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል ያለበት ነገር ሁሉ ለጿሚ ደንበኛ በዚያ ወር ስጦታ አይሆንም።

ለሐበሻ ደንበኞች የተሻለው ቀን እንቁጣጣሽ ነው። ዘመኑ ተለውጦ፣ ሰው በደስታ ላይ እያለ ይደርሳል፤ በዲሴምበር ከሚጎርፈው የሌሎች ድርጅቶች ካርድና ሣጥን ጋርም አይቀላቀልም። ለታክስ ቢሮ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ኤፕሪል ካለፈ ወራት ስለሆነው ስጦታው ሥራ ለመሳብ የተላከ አይመስልም። እንቁጣጣሽም ቢሆን ቀኑን ማየት ይገባል። የ2019 ዓ.ም. መስከረም 1 የሚውለው ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ነው። ዓርብ ስለሆነ የሚጾም ሰው ያን ቀን የፍስክ ነገር አይቀምስም።

ለሙስሊም ደንበኞች ኢድ ይመቻል። ረመዳን በየዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ወደ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ያምናው ቀን ለዘንድሮ አይሠራም፤ በየዓመቱ ማየት ያስፈልጋል። በረመዳን ቀን በእጅ የሚሰጥ የሚበላ ነገር ስሕተት ነው ባይባልም፣ ለአፍጥር ወይም ለኢድ ተብሎ ቢሰጥ ትርጉሙ ሌላ ነው።

ዋጋው

ቢሮው በዓመት 92,000 ዶላር ያስገባል፣ 46 ደንበኞች አሉት እንበል። ለስጦታ ከገቢው አንድ መቶኛ ለመመደብ ወሰነ፦ 920 ዶላር። አንድ መቶኛ ሕግ አይደለም፤ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ታውቆ መቀመጡ ግን ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ዕቃ ቤት ከገቡ በኋላ የሚወሰን በጀት ሁልጊዜ ያድጋል።

ቀጥሎ ጣሪያውን እንይ። የአሜሪካ የታክስ ሕግ ለአንድ ሰው በዓመት ከሚሰጥ የቢዝነስ ስጦታ እንደ ወጪ እንዲቀነስ የሚፈቅደው 25 ዶላር ብቻ ነው። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው ሕግ የገባ ሲሆን እስካሁን አልተለወጠም። ከዚያ በላይ መስጠት አልተከለከለም፤ የ60 ዶላር ስጦታ ብትሰጡ ግን 25ቱ ብቻ ከገቢ ላይ ይቀነሳል፣ ቀሪው 35 ዶላር ታክስ ከተከፈለበት ገንዘባችሁ ይወጣል። ለደንበኛው ሚስት ወይም ባል የተሰጠም አብዛኛውን ጊዜ ለደንበኛው እንደተሰጠ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ለአንድ ቤት ሁለት ስጦታ ልኮ 50 ማለት አይሠራም።

ሁለት ነገሮች ከ25ቱ ውጭ ናቸው። አንደኛው በስጦታው ላይ ትልቅ ዋጋ የማይጨምር የመጠቅለያ፣ የመላኪያና ስም የማስቀረጫ ወጪ ነው። ሁለተኛው 4 ዶላር ወይም ከዚያ በታች የሚያወጣ፣ የድርጅቱ ስም በማይለቅ ሁኔታ የታተመበትና ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚታደል ዕቃ ነው። ሐበሻ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በርካሽ ከታተመ በትክክል እዚህ ይገባል።

አሁን ቢሮው ደንበኞቹን በሦስት ይከፍላል። በየወሩ የሚከፍሉት 8 ድርጅቶች ለእያንዳንዳቸው 25 ዶላር ስጦታና 5 ዶላር መላኪያ ይመደብላቸዋል፤ ድምሩ 240 ነው። ለዓመታት የተመላለሱት 18 ቤተሰቦች ከነመጠቅለያው 18 ዶላር ያገኛሉ፤ 324 ይሆናል። በዓመት አንዴ የሚመጡት 20 ደንበኞች ቀን መቁጠሪያና ካርድ ከነፖስታው በ5 ዶላር ይደርሳቸዋል፤ 100 ነው። ጠቅላላው 664 ይሆናል፤ 256 ዶላር ይተርፋል።

የተረፈው ለልደት፣ ለምረቃና ለለቅሶ ይቀመጣል። ለቅሶ በእኛ ዘንድ ከማንኛውም የበዓል ሣጥን ይበልጣል፤ ሰው የሚያስታውሰው ማን ብስኩት እንደላከ ሳይሆን ማን ቤቱ መጥቶ እንደተቀመጠ ነው። ወደ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ነገር ላይ ግን የድርጅቱ ስም አይታተም፣ የቢዝነስ ካርድም አይያያዝ።

ክፍፍሉ ሊነገር በሚችል መስፈርት መሆን አለበት፦ በየወሩ የሚሠራ፣ የቆየ፣ አዲስ። ደንበኞቻችን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በአንድ መስጊድ፣ በአንድ የኦክላንድ ምግብ ቤት ይገናኛሉ። «ለእገሌ ልኮ ለእኔ ተወው» የሚለው ወሬ ከስጦታው ቀድሞ ይደርሳል። መስፈርቱ ግልጽ ከሆነ መልስ አላችሁ፤ በመውደድ ብቻ ከሆነ ግን የላችሁም።

ብዙ መስጠትም ጉዳት አለው። በእኛ ባህል ስጦታ ውለታ ነው፣ ውለታ ደግሞ ይመለሳል። የ100 ዶላር ስጦታ የተቀበሉ እናት ብድር ለመመለስ ድፎ ዳቦና ዶሮ ይዘው ይመጣሉ፤ ወይም መመለስ ባለመቻላቸው አፍረው ይርቃሉ። ጊፍት ካርድም ዋጋው ላዩ ላይ ስለሚታይ ይህንን ስሜት ያባብሳል። የስጦታው ጊዜም ሊታሰብበት ይገባል፤ ውል ሊታደስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመጣ ስጦታ ምስጋና ሳይሆን መማለጃ ይመስላል።

ጣሪያው ከ25 ዶላር በታች የሚወርድባቸው ደንበኞችም አሉ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት የምታጸዱ ከሆነ ሠራተኛው በአጠቃላይ ከእናንተ በአንድ ጊዜ ከ20 ዶላር፣ በዓመትም ከ50 ዶላር በላይ መቀበል አይችልም፤ ጥሬ ገንዘብማ ጨርሶ አይቀበልም። የአረጋውያን እንክብካቤ ድርጅት ኖሯችሁ የምትረዷቸው ሰዎች በሜዲኬር ወይም በሜዲኬይድ የሚከፈልላቸው ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ15፣ በዓመት ከ75 ዶላር ያልበለጠ ይሁን፤ ጥሬ ገንዘብና እንደ ገንዘብ የሚያገለግል ካርድም አይስጡ። የትልልቅ ድርጅት ሠራተኞች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ከመላክ በፊት መጠየቅ ነውር የለውም።

ዕቃው

ቀንና ዋጋ ከታወቁ ምርጫው ይጠብባል። ለምሳሌው ቢሮ ጥሩው መነሻ ቡና ነው፦ የጾም ነው፣ ሐላል ነው፣ ሥጋ ለማይበላ ሂንዱም ይሆናል፣ ከየት እንደመጣም የሚነገር ታሪክ አለው። ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ቡና አይሆንም። ራሳቸው ቆልተው ለሚያፈሉ እናት ጥሬ ቡና ይበልጣል፤ የተቆላ ብትሰጧቸው ግማሽ ሥራቸውን ወሰዳችሁባቸው ማለት ነው። ለፈረንጅ ደንበኛ ጥሬው ምንም አያደርግለትም፤ መፍጫ ከሌለው ደግሞ የተፈጨ ይሁን። አድቬንቲስትና ሞርሞን ደንበኞች ብዙዎቹ ቡና ስለማይጠጡ ለእነርሱ ማር ወይም ቴምር ይተካል።

ውስኪና ወይን ለረጅም ጊዜ የለመድነው ስጦታ ቢሆንም ለሙስሊሙም፣ ለጴንጤውም፣ ለብዙ ሲክ ደንበኞችም አይሆንም፤ ስለዚህ ለብዙ ሰው ከሚገዛው ዝርዝር ላይ ይሰረዝ። ፍሪሞንትና ዩኒየን ሲቲ ጎረቤቶቻችን ስለሆኑ ከአፍጋንና ከሕንድ ቤተሰቦች ጋር መሥራት የተለመደ ነው። ለሂንዱ ደንበኛ የላም ቆዳ ቦርሳ አይላክም፤ የከረሜላ ሣጥን ላይ ደግሞ ጄላቲን የሚል ቃል መኖሩን አንብቡ፣ ከአሳማ ወይም ከላም የሚሠራ ነውና። ለቻይና ቤተሰብ ሰዓት አይሰጥም፤ በቋንቋቸው «ሰዓት መስጠት» የሚለው ሐረግ «ሟችን መሸኘት» ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ አለው።

በራሳችን ሰዎች ላይ የሚፈጸመው ስሕተት የበለጠ ነው፣ «እናውቃቸዋለን» ስለምንል። የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ቀን መቁጠሪያ ለኦርቶዶክሱ ደስታ ነው፤ ለሙስሊሙና ለጴንጤው ግን ቢሮው የእርሱ እንዳልሆነ የሚነግር ወረቀት ይሆናል። ባንዲራም እንዲሁ ነው። ዓርማ ያለበት፣ ኮከብ ያለበት፣ ልሙጥ፣ እያንዳንዱ በዳያስፖራው ዘንድ አንድ አቋም ሆኖ ይነበባል። የአደይ አበባ ወይም የጀበና ሥዕል ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ በወሩ ላይ የኦርቶዶክስም የእስልምናም በዓላት ቢታተሙ አንዱ ቀን መቁጠሪያ ለሁሉም ይሆናል።

በእጅ ስትሰጡ በሁለት እጅ ወይም በቀኝ ስጡ። ሐበሻው «ምን አስቸገረህ፣ አይሆንም» ቢላችሁ እምቢታ አይደለም፤ አንዴ ሁለቴ ልመና ይፈልጋል። ፊታችሁም ካልከፈተው ንቀት አይደለም፣ ጨዋነቱ ነው። አሜሪካዊው ግን እዚያው ሊከፍተው ይችላል። በአንጻሩ «የድርጅታችን ደንብ አይፈቅድም» ያለ ሰው ከልቡ ነውና አትለምኑት።

የሚቀረው መዝገቡ ነው። አይ.አር.ኤስ. ስጦታው ምን እንደሆነ፣ ስንት እንዳወጣ፣ መቼና ለምን እንደተሰጠ፣ ተቀባዩም ከቢዝነሱ ጋር ያለውን ግንኙነት ማየት ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መስመር ይበቃል፦ «ሴፕቴምበር 9፣ የተቆላ ቡና፣ 24 ዶላር፣ መላኪያ 5፣ ወርኃዊ የሂሳብ ደንበኛ፣ የእንቁጣጣሽ ምስጋና»። ደረሰኙን ከጎኑ አስቀምጡ። በዚያው መስመር መጨረሻ ላይ ለራሳችሁ አንድ ቃል ጨምሩ፦ «ይጾማል»፣ «ቡና አይጠጣም»፣ «ጥሬ ይሻላቸዋል»። የሚቀጥለው ዓመት ስጦታ የሚጀምረው ከዚህች ቃል ነው።