ሳሙና የማይቀበል ውኃ፦ ከኬሚስትሪ መምህር ለወላጆች

ራስ ዲካ፣ ጅቡቲ ከተማ

ክቡራን ወላጆች፣

ባለፈው ሳምንት ለልጆቻችሁ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «ካልሲየም ባይካርቦኔት ሲሞቅ ምን ይሆናል?» ስላቸው ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል መልሱን ሳይሳሳት ጻፈ። ቀጥዬ «ቤታችሁ ያለው የውኃ ማፍያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዘው ለምንድን ነው?» አልኳቸው። አንዱ «ቆሻሻ ነው» አለ፣ ሌላዋ «ብረቱ እየተላጠ ነው» አለች። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መሆናቸውን የነገረኝ ግን አልነበረም። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ልጆቹ በሳሙና፣ በኮምጣጤና በውኃ ሙከራ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከእናንተ ጥቂት ዕቃ ስለምጠይቅ፣ አሠራሩንም አብሬ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። እቤት ደግሞ ልሥራ የሚል ልጅ ካለ እንዲረዳችሁም ነው።

ሙከራው የቤታችሁን ውኃ ጥንካሬ መለካት ነው። ጠንካራ ውኃ የምንለው ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበትን ነው። ሳሙና እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ከካልሲየሙና ከማግኒዥየሙ ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል። ልብስ ሲታጠብ ሳፋው ዳር ላይ የሚቀረው ግራጫ ነገር እሱ ነው። አረፋ የሚወጣው እነዚህ ተጠራርገው ካለቁ በኋላ በሚተርፈው ሳሙና ነው። ስለዚህ አረፋ ሳይጠፋ እስኪቆይ ድረስ ስንት ጠብታ ሳሙና እንደገባ ከቆጠርን ውኃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እናውቃለን። ዘዴው የእኔ አይደለም። የስኮትላንዱ ኬሚስት ቶማስ ክላርክ ያወጣው ነው፤ ዛሬ ቤተ ሙከራዎች በሌላ መንገድ ቢለኩም ሐሳቡ አላረጀም።

ለዚህች ከተማ ደግሞ ጉዳዩ የቅርብ ነው። ውኃችን ከአንድ ቦታ አይመጣም። ከከርሰ ምድር ጉድጓድ ይቀዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ከሐዳጋላ አካባቢ 102 ኪሎ ሜትር በተዘረጋ መስመር ይገባል፤ በዶራሌ ደግሞ የባሕር ውኃ ጨው ይወጣለታል። ጎረቤታሞች «የእኔ ቧንቧ ሳሙና ይቀበላል፣ ያንተ አይቀበልም» ቢባባሉ የሚገርም አይደለም። ልጆቹ ይህን ክርክር በቁጥር ይፈቱታል።

መጀመሪያ ሳሙናውን እናዘጋጅ። የሚያስፈልገው እውነተኛ ሳሙና ነው፤ ኦሞና ሌላ የዱቄት ሳሙና፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽም አይሆኑም። እነዚህ በጠንካራ ውኃ እንኳ አረፋ እንዲያወጡ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ መለኪያችንን ከጥቅም ውጭ ያደርጉታል። ቀለምና ሽታ የሌለውን ደረቅ የልብስ ሳሙና፣ የማርሴይ ሳሙና የሚባለውን ዓይነት፣ በቢላ ፈቅፍቁ። 2 ግራም ያህል በቂ ነው፤ ሚዛን ከሌለ በተፈቀፈቀ ሳሙና የሞላ ሁለት የሻይ ማንኪያ። ይህን በ200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ቀስ ብላችሁ አሟሙ። አትምቱት፣ አረፋ ይሞላል።

ንጹሕ ውኃው ግን ከየት ይምጣ? ከቧንቧ አይሆንም፤ ጥንካሬው ሳሙናውን ገና ሳንጀምር ይበላዋል። እዚህ ላይ የጅቡቲ ሙቀት ረዳን። ክሊሙ ከአየር ላይ አቀዝቅዞ የሚያንጠባጥበው ውኃ እንፋሎት የነበረ ስለሆነ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ከቱቦው ጫፍ በንጹሕ ዕቃ ይቀዳል፤ ቱቦውን ስለሚያጥብ የመጀመሪያው ግማሽ ሊትር ይደፋ። ነገር ግን አይጠጣም፤ አቧራና ተህዋሲያን አለበት። ቤታቸው ክሊም የሌላቸው ተማሪዎች አይጨነቁ፣ ከትምህርት ቤቱ እሰጣቸዋለሁ።

ሁለተኛው ሥራ ቆጠራው ነው። አፉ ሰፋ ያለ ትንሽ የሃይላንድ ፕላስቲክ ታጥቦ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ ይገባበታል፤ መለኪያው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነው። በሌላ ሲሪንጅ የሳሙናውን ውኃ ጠብታ በጠብታ ጨምሩ። ከየጠብታው በኋላ ክዳኑን ዘግታችሁ አሥር ጊዜ ነቅንቁ፣ ከዚያ አስተኙት። አረፋው ወዲያው ጠፍቶ ውኃው እንደ አጥሚት ከደፈረሰ ሳሙናው ገና እየተበላ ነው። አረፋው አንድ ሣንቲ ሜትር ያህል ሆኖ አምስት ደቂቃ ከቆየ አለቀ፣ ቁጥሩን ጻፉ።

አምስቱን ደቂቃ ማንም መዝለል ይወዳል፤ እኔም መጀመሪያ ዘልያለሁ። ማግኒዥየም ከካልሲየም ቀስ ብሎ ስለሚሠራ አረፋው የቆመ ይመስልና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይወድቃል። የዘለለ ሰው ከትክክለኛው ያነሰ ቁጥር ይዞ ይሄዳል።

አሁን የኔን ቤት ልንገራችሁ። በክሊሙ ውኃ ብቻ ስሞክር 3 ጠብታ በቃኝ። ይህ ምንም ጥንካሬ ሳይኖር አረፋ ለመፍጠር የሚያስፈልገው ነው፤ ከእያንዳንዱ ቆጠራ ላይ ይቀነሳል። ቀጥዬ የታሸገ ውኃ ገዛሁ። ጠርሙሱ ላይ ካልሲየም በሊትር 60 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዥየም 20 ሚሊ ግራም የሚል ነበረበት። ጥንካሬው እንዲህ ይሰላል፦ የካልሲየሙ ቁጥር በ2.5፣ የማግኒዥየሙ በ4.1 ይባዛና ይደመራል። 150 እና 82፣ ድምሩ 232። ለዚህ ውኃ 37 ጠብታ ፈጀሁ። 3ቱን ስቀንስ 34። 232 ለ34 ሲካፈል አንድ ጠብታዬ 6.8 ሚሊ ግራም በሊትር ይለካል ማለት ነው። ሳሙናዬን የመዘንሁት በትክክል ይሁን በግምት ከእንግዲህ አያሳስብም፤ የጠርሙሱ ጽሑፍ መለኪያዬን አስተካክሎልኛል። ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ ስለማይጠቅመን የምጠይቃችሁ ያለበትን ነው።

የቧንቧዬ ውኃ 58 ጠብታ ፈለገ። 55 ሲባዛ በ6.8 ነው፣ 374። አንድ ውኃ ከ180 በላይ ሲሆን በጣም ጠንካራ ይባላል፤ ሳሙናዬ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለምን እንደሆነ ገባኝ።

ሦስተኛው ደረጃ ማፍላቱ ነው፤ ይህን ልጅ ብቻውን አይሥራው። አንድ ሊትር የቧንቧ ውኃ አሥር ደቂቃ አፍሉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከላይ ያለውን በቡና ማጥለያ ወይም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጣሩ። የሚሆነው ይህ ነው፦

Ca(HCO3)2 → CaCO3 + H2O + CO2

ካልሲየሙ የሚወጣው የኖራ ድንጋይ ሆኖ ነው፣ የማፍያው ቅርፊት። የኔ ውኃ ከፈላ በኋላ 31 ጠብታ ብቻ ፈጀ፤ 28 ሲባዛ በ6.8፣ 190። ስለዚህ ከ374ቱ 184ቱ በማፍላት የሚወጣ ጊዜያዊ ጥንካሬ ነበር፤ የቀረው ከሰልፌትና ከክሎራይድ ጋር ያለው ነው፣ ቢፈላም አይወጣም። ልብ በሉ፦ ሲፈላ የተነነው ውኃ በክሊም ውኃ ተሞልቶ እንደገና አንድ ሊትር ካልሆነ የቀረው ይጠነክራል፣ ጥንካሬው የጨመረ ይመስላል። እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ ይዞ የሚመጣ ተማሪ እንደሚኖር አስቀድሜ አውቃለሁ።

ቅርፊቱን ደግሞ ለመመርመር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ በኩባያ አድርጋችሁ ከማፍያው የተፈቀፈቀ ቁራጭ ጣሉበት። ካርቦኔት ከሆነ ፊሽ እያለ ጋዝ ይለቃል። ካልለቀቀ ምናልባት ሌላ ነገር ነውና ልጆቹ ይዘውልኝ ይምጡ። ማፍያው ግን ከሶኬት ሳይነቀል ማንም እንዳይነካው።

በባሕር ውኃ መሞከር የሚፈልግ ልጅ ካለ ቀጥታ አይሞክር፤ አንድ ሺህ ጠብታ ያህል ይፈጃል። 1 ሚሊ ሊትር የባሕር ውኃ በክሊም ውኃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይቅጠን፣ ከዚያ 10ሩ ተወስዶ ይቆጠር። 3ቱ ተቀንሰው አሥር ጠብታ አካባቢ ከቀረው 68 ይሆናል፤ መቶ እጥፍ አቅጥኖት ነበርና 6,800። እሱ ራሱ ከባሕሩ ዳር ቀድቶ ያመጣው ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ግን ሙከራው አይናገርም፦ ውኃው ለመጠጥ ደኅና መሆኑን። ተህዋሲያንን አይቆጥርም፣ የገበታ ጨውንም አይለካም። የጠብታ ቁጥር ያነሰበት ቤት ውኃው ንጹሕ ነው እንዳትሉ።

አሁን ስለ ደኅንነት። ብዙ ወላጆች «የቤት ዕቃ ነው፣ ምን ችግር አለው?» ትሉኝ ይሆናል። የቤት ዕቃ ሁሉ ሰላማዊ አይደለም። በረኪና፣ እዚህ ጃቬል የምንለው፣ ከኮምጣጤ ጋር ሲደባለቅ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። ከአሞኒያ ጋር ሲደባለቅም መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድና የቧንቧ መክፈቻ ሶዳ ቆዳ ያቃጥላሉ። ከኮምጣጤው በቀር እነዚህ አራቱ ወደ ክፍላችን አይገቡም፤ ተማሪ ይዞ ቢመጣም እወስድበታለሁ። ልጁ እቤት ሲሠራም ኮምጣጤው ካለበት ቦታ ጃቬሉን አርቃችሁ አስቀምጡ።

የሳሙናው ውኃ ደግሞ ጉዳቱ ሌላ ነው። በሃይላንድ ውስጥ ሲቀመጥ ሎሚ ውኃ ይመስላል። ጠርሙሱ ላይ በትልቁ «ሳሙና፣ አይጠጣም» ተብሎ ይጻፍበት፤ ትንንሽ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ዓይን ውስጥ ከገባ ለረጅም ጊዜ በውኃ ይታጠብ።

«ለፈተና ይረዳዋል ወይ?» ለምትሉኝ፦ ይረዳዋል፤ ግን ሁሉን አያደርግም። በዚህ መንገድ የጠንካራ አሲዶችን ባሕርይ ወይም የብረቶችን የነበልባል ቀለም ማሳየት አልችልም፤ እነዚያ በቃልና በሥዕል ይቀራሉ። ጥንካሬን፣ ዝቃጭንና የቁጥር ስሕተትን ግን ልጁ በእጁ ይይዘዋል።

እስከ ሐሙስ ድረስ ከእያንዳንዱ ተማሪ የምጠብቀው፦ አንድ ቁራጭ ደረቅ ሳሙና፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም የተጻፈበት የታሸገ ውኃ ጠርሙስ (ውኃው ሳያልቅ፣ ጽሑፉን እንገለብጣለን)፣ ክዳን ያለው ሁለት ትንንሽ ሃይላንድ፣ ግማሽ ሊትር የቤታችሁ የቧንቧ ውኃ። ጠርሙሱ ላይ የተቀዳበት ሰፈርና ሰዓት ይጻፍበት፤ ባልባላ የተቀዳውና መሐል ከተማ የተቀዳው አንድ ላይ ሲቀመጡ እንዳይምታቱብን።

ከአክብሮት ጋር፣
የልጆቻችሁ የኬሚስትሪ መምህር