«በጀታችን እዚህ ድረስ ነው» ሲባል

ስልኩ የሚደወለው ብዙ ጊዜ በሥራ ሰዓት ነው። ለዚህ ምዕራፍ ምሳሌ የምትሆነን አመልካች አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የንግድ ድርጅት ስድስት ዓመት የሠራች የሒሳብ ባለሙያ ናት እንበል። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ባልደረቦቿ በግራና በቀኝ አሉ። ቃለ መጠይቅ ከሰጣት ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል የሚደውለው ሰው ሰላምታውን ጨርሶ ወደ ጉዳዩ ይገባል፦ «ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም በጥሩ ውጤት አልፈዋል። ችግሩ የጠየቁት 55 ሺህ ብር ከበጀታችን በላይ ሆኗል። እኛ የያዝነው 45 ሺህ ነው። ትንሽ ማስተካከል ይችላሉ?»

ከዚያ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ለደዋዩ ምንም አይደለም፤ ለአመልካቿ ግን ከባድ ነው። ይሉኝታ ይመጣል፦ መርጠውኛል፣ ገንዘብ ብቻ የምወድ እንዳልመስላቸው፣ ደግሞ ሌላ ሰው ቢጠሩስ? ባልደረቦቿም እየሰሙ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ቅጽበት «እሺ፣ ችግር የለም» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ሌላው ደግሞ ልዩነቱን ለሁለት ከፍሎ «በቃ 50 ይሁን» ይላል። ሁለተኛው የተደራደረ ይመስላል እንጂ እሱም ሳያሰላ ነው የተናገረው። 50 ሺህ ብር ኑሮውን ያሻሽልለት አያሻሽልለት አላወቀም።

በዚያ ስልክ ላይ ቁጥር መናገር አያስፈልግም። የሚያስፈልጉት ሁለት ጥያቄዎችና የአንድ ቀን ጊዜ ናቸው። የሒሳብ ባለሙያዋም ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና እንዲህ አለች፦ «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ሥራውን እፈልገዋለሁ። 45 ሺህ ያሉኝ ያልተጣራ ነው ወይስ እጅ ላይ የሚደርስ? ደግሞስ የደረጃው መነሻ ነው ወይስ ጣሪያው? ይህን ካወቅኩ ነገ እስከ ምሳ ሰዓት መልሴን አሳውቅዎታለሁ።»

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ድርድር የሚበላሸው ግን እዚሁ ላይ ነው። አመልካቹ በልቡ «ኔት» ይዞ ሲናገር ቀጣሪው «ግሮስ» ብሎ ይመዘግባል። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ በሆነው የወር ደመወዝ ላይ የሚከፈለው ግብር 35 በመቶ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በዚያ ላይ ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ያዋጣል። ስለዚህ ከ14,000 ብር በላይ ካለው እያንዳንዱ 1,000 ብር ውስጥ ሠራተኛው እጅ የሚገባው 580 ብር ብቻ ነው። ይህች 580 በዚህ ምዕራፍ ደጋግማ ትመጣለች።

ባለሙያዋ ማታ ቤቷ ወረቀት አወጣች። አሁን የምታገኘው ያልተጣራ 38,000 ብር ነው፤ ግብር 11,250፣ ጡረታ 2,660 ሲቀነስ 24,090 ብር ይደርሳታል። የቀረበላት 45,000 ደግሞ ደዋዩ እንዳላት ያልተጣራ ነው፤ ሲጣራ 28,150 ይሆናል። የጠየቀችው 55,000 ቢፈቀድላት ኖሮ 33,950 ታገኝ ነበር። በስልክ ላይ ያስደነገጣት የ10,000 ብር ልዩነት በኪስ ሲታይ 5,800 ብር ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «7,000 ብር ጭማሪ አገኘሁ» ብላ የምትደሰትበት ዕድገት 4,060 ብር ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ሰርቪስ አለ። የአሁኑ ድርጅቷ ጠዋትና ማታ በነጻ ያመላልሳታል። አዲሱ መሥሪያ ቤት ሰርቪስ የለውም፤ ሁለት ታክሲ ይዞ መሄድ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ መመለስ ነው። በወር 2,500 ብር ይፈጅብኛል ብላ ገመተች። ያ ሲቀነስ ከ4,060 ብር የሚተርፋት 1,560 ብር ሆነ። ስድስት ዓመት የለመደችውን ቤት ለቃ፣ አዲስ አለቃና የሙከራ ጊዜ ተቀብላ የምታገኘው ይህ ነው። «ሳልጠይቅ እሺ ብል ኖሮ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ሒሳብ ከፈረሙ በኋላ በመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀት ላይ የሚሠሩት ሰዎች ብዙ ናቸው።

ቀጥሎ የራሷን ወለል አወጣች። ሥራ ለመቀየር በወር ቢያንስ 4,000 ብር የተጣራ ጭማሪ ካላገኘች አይዋጥላትም። 4,000 እና የታክሲው 2,500 ተደምሮ 6,500 ነው። ይህን ወደ ያልተጣራ ለመመለስ ለ0.58 ማካፈል ነው፦ 11,200 ብር ገደማ። በ38,000 ላይ ሲጨመር 49,200 ይሆናል። ከዚያ በታች ከሆነ አትቀበልም። ይህ ቁጥር የእሷ ብቻ ነው፤ ለደዋዩ አይነገርም። ወለሉን የሰማ ቀጣሪ ሌላ ቁጥር የሚያቀርብበት ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። «በጀት የለም» የሚለው ቃል በሁሉም ቤት አንድ ትርጉም የለውም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ በደረጃና በእርከን የተተከለ ነው፤ የሰው ኃይል ባለሙያው ቢፈልግም ሊነካው አይችልም። በለጋሽ ገንዘብ በሚሠራ ፕሮጀክት ውስጥም የደመወዝ መደቡ ከለጋሹ ጋር በተፈረመ በጀት ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ እሱን ለማንሳት ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። በግል ድርጅት ግን «በጀቱ» ብዙ ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ሰው ሲጠይቅ የሞላው ቁጥር ነው፤ ከመነሻውና ከጣሪያው መካከል ሰፊ ቦታ ይኖራል። ልዩነቱን ከመልሱ መለየት ይቻላል። በጀቱ የተቆለፈበት ሰው ደረጃውንና እርከኑን ጠርቶ ያስረዳል። ቦታ ያለው ሰው ደግሞ «እስቲ ከኃላፊው ጋር ልነጋገር» ይላል። የእኛ ደዋይ «መነሻው ነው፤ ልምድ ታይቶ ከፍ ሊል ይችላል፤ ግን 55 አይደርስም» አላት። ይህ መልስ ብዙ ነገር ነግሯታል።

በማግስቱ ጠዋት ራሷ ደወለች። የተናገረችው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፦ «ያሉኝን አይቼዋለሁ። በ45 ሺህ መምጣት ይከብደኛል፤ አሁን ያለኝ ሰርቪስ ይቀርብኛል፣ የታክሲ ወጪ ይጨመርብኛል። ስድስት ዓመት የወር መዝጊያ ሒሳብና የግብር ሪፖርት በራሴ ስለሠራሁ ከመነሻው ከፍ ባለ እርከን ብታዩኝ ተገቢ ይመስለኛል። የትራንስፖርት አበል 1,000 ብር ከታከለበት እኔም ከ55 ወደ 50 ሺህ እወርዳለሁ።»

በዚህ ንግግር ውስጥ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው ሥራውን የሚሠራው። ዝቅ ማለቷ በባዶ አልሆነም፤ «ይህ ከታከለ» ከሚል ጋር ታስሯል። ሰው ዋጋውን ያለ ምክንያት ሲቀንስ የመጀመሪያው ቁጥር ውሸት ነበር ማለት ነው፤ ቀጣሪውም አንዴ ደግሞ ቢገፋ ሌላ እንደሚወርድ ይጠረጥራል። በቅድመ ሁኔታ የወረደ ሰው ግን የመጀመሪያውን ቁጥር አስከብሮ ነው የሚወርደው።

አበሉን የመረጠችውም በስሌት ነው። ሠራተኛው ከቤት ወደ ሥራ ለሚመላለስበት የሚሰጥ የትራንስፖርት አበል በመመሪያ ከተወሰነው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ ከግብር ነጻ ነው፤ የጡረታ መዋጮም የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዝ ነው። ስለዚህ 1,000 ብር አበል ከጣሪያው ካላለፈ ሙሉውን 1,000 ሆኖ ይደርሳታል። ያንኑ 1,000 በደመወዝ በኩል እጇ ለማስገባት ድርጅቱ 1,724 ብር መጨመር ነበረበት፤ የራሱ የ11 በመቶ የጡረታ ድርሻም በዚያው ልክ ይጨምርበታል። ለሁለቱም የሚያዋጣ መንገድ ነው። አበሉ ሲታከል ወለሏም ዝቅ ይላል፦ ከ49,200 ወደ 47,500 ገደማ።

ግን እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። አንዳንድ ድርጅት ይህን አይቶ «ደመወዙ 45 ይሁንና ቀሪውን በአበል እናሟላልዎት» ሊል ይችላል። ለኪስ መልካም ነው፤ ለወደፊት ግን ጉዳት አለው። ከጣሪያው ያለፈው አበል ግብር ይቆረጥበታል። የጡረታ አበል የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዝ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ «ደመወዝ» ሲል አበልን አይጨምርም፤ የሥራ ስንብት ክፍያም በደመወዝ ነው የሚሰላው። አበል በመጀመሪያ የሚቆረጥ፣ በመጨረሻ የሚታሰብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ትንሽ ጉድጓድ ለመድፈን ይጠቅማል እንጂ ለዋናው ደመወዝ ምትክ አይሆንም።

ሁለት ወጥመዶች ቀርተዋል። አንዱ ውሸት ነው። «አሁን 48 ሺህ ነው የማገኘው» ብሎ መጀመር ለብዙዎች ብልሃት ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት አሠሪ ለሚለቅ ሠራተኛ በሚሰጠው የምስክር ወረቀት ላይ ሲከፈለው የነበረው ደመወዝ ይጻፋል። አዲሱ ቀጣሪ ያንን ወረቀት በፋይሉ ውስጥ ማየቱ አይቀርም። ባለሙያዋ ስለ ሰርቪሱ፣ ስለ ታክሲውና ስለ ልምዷ የተናገረችው ሁሉ እውነት ስለሆነ ማንም ቢያጣራ የሚያሳፍራት ነገር የለም።

ሌላው «አሁን በ45 ይግቡ፤ ከሙከራ ጊዜ በኋላ እናስተካክላለን» የሚለው ነው። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ነውና መጠበቁ አይከፋም። የሚከፋው ቃሉ በስልክ መቅረቱ ነው። ቃሉን የሰጠው ሰው ሊዛወር፣ ሊለቅ ወይም ሊረሳ ይችላል። ተቀባዩ ሰው «እሺ፣ የሚስተካከለው ቁጥርና ቀን በቅጥር ደብዳቤው ላይ ይግባልኝ» ሲል ቃሉ እውነት መሆን አለመሆኑ ወዲያው ይታወቃል። እውነት ከሆነ ይጻፋል። ካልሆነ «ይህማ በደብዳቤ አይገባም» ይባላል፤ ያኔ 45 ሺህን እንደ መጨረሻ ደመወዝ አይቶ መወሰን ነው።

ለእኛዋ ባለሙያ ይህ አልተነሣም። ደዋዩ «ልነጋገርና ልመለስ» ካለ በኋላ ሁለት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ደወለ፦ 47,500 ብር መሠረታዊ ደመወዝና 1,000 ብር የትራንስፖርት አበል። ወረቀቷ ላይ ያለውን አየች። 47,500 ሲጣራ 29,600፤ አበሉ ሲታከል 30,600፤ ታክሲው ሲወጣ 28,100። ከአሁኑ 24,090 ጋር ያለው ልዩነት 4,010 ብር። ወለሏን በአሥር ብር አልፋለች።

«እስማማለሁ፤ ደብዳቤውን ይላኩልኝ» አለች። ሥራ ለሚለቅ ሠራተኛ ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ እሷ ግን በዚያ ቀን ለአሁኑ አለቃዋ ምንም አልተናገረችም። ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ መጣ። ደመወዙና አበሉ በሁለት የተለያየ መስመር ተጽፈዋል፤ ማኅተምና ፊርማ አለው። ማስጠንቀቂያዋን ያስገባችው በማግስቱ ጠዋት ነው።