ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ ማረሻ ስንት ይችላል?

ከደባርቅ ወይም ከዳባት ገበያ፣ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ማረሻ ይዘን ወርክሾፕ ገባን እንበል። በመጎተቻ ማሽን ለመፈተን ናሙና ቆርጠን ማረሻውን ማበላሸት አለብን። ጠጣርነቱን ብቻ ከለካን ግን ተመልሶ ያርሳል።

በብሪኔል ዘዴ 10 ሚሊ ሜትር ኳስ በ3000 ኪሎ ግራም ኃይል ተጭኖ የሚተወውን ጉድጓድ ስፋት እንለካለን። ስፋቱ 4.0 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጠጣርነቱ 229 ነው። ለተራ ካርቦን ብረትና አነስተኛ ቅይጥ ላለው ብረት ይህን በ3.45 ስናባዛ የመጎተት ጥንካሬው በግምት 790 ሜጋፓስካል ይሆናል። ኳሱ ሲገባም ሆነ ብረቱ ሲጎተት የሚቋቋመው ያው ቅርጹን ላለመለወጥ የሚያደርገው ትግል ስለሆነ ነው። ግራጫ ካስት አይረን ግን ሲጎተት በውስጡ ካለው ግራፋይት ስለሚሰነጠቅ ይህ ማባዣ አይሆነውም።

አሳሳቹ ነገር ቆዳው ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን ደጋግሞ ሲያግል የገጽታው ካርቦን በእሳት ይቃጠላል፤ ስስ ለስላሳ ሽፋንም ይቀራል። ጉድጓዱ 4.4 ከሆነ ጠጣርነቱ ወደ 187፣ ጥንካሬው ወደ 645 ይወርዳል፤ የውስጡ ብረት ግን አልተለወጠም። ሮክዌል ፈጣን ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ በዚህ ቆዳ ይበልጥ ይታለላል። ቪከርስ ደግሞ በተወለወለ ቁራጭ ላይ ሽፋኑን ከውስጡ ለይቶ ያሳያል፤ ግን መቁረጥ ይጠይቃል።

ስለዚህ ለማረሻ ብሪኔልን እመርጣለሁ። ገጽታውን ሞርደን እንለካ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጨምረን ሞርደን እንድገም። ቁጥሩ ከጨመረ ቆዳው ገና አላለቀም።